በአንድ አራት ነጥብ የታሰረ ማስታወቂያ

በየወረዳው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የሚከተለው ከአንድ ወረዳ የተገለበጠ አይደለም፤ የተለመደውን አጻጻፍ ለማሳየት ያዘጋጀሁት ነው። አንባቢ ግን ወዲያው የሚያውቀው ይመስለኛል።

«በወረዳችን ቀጠና 3 ውስጥ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያላችሁ ወይም ካርታ ባይኖራችሁም ይዞታውን በሕጋዊ መንገድ ማግኘታችሁን የሚያስረዳ ሌላ ሰነድ ያላችሁ ባለይዞታዎች፣ ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ከመስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት 15 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ የይዞታ ሰነዳችሁን ዋናውንና ኮፒውን እንዲሁም የታደሰ መታወቂያ ይዛችሁ በአካል ወይም በሕጋዊ ወኪላችሁ አማካኝነት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ቢሮ ቁጥር 7 በመቅረብ እንድትመዘገቡ እያሳሰብን፣ በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ ቀርቦ ላልተመዘገበ ባለይዞታ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነት የማይወስድ መሆኑን እናስታውቃለን።»

እዚህ ውስጥ ከባድ ቃል የለም። ካርታ፣ ኮፒ፣ መታወቂያ፣ ወኪል ሁሉም የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው። ያስቸገረው አሰካኩ ነው። በአማርኛ ገላጩ ከሚገለጸው ይቀድማል፤ ማሰሪያው ግሥ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ አንባቢው «ባለይዞታዎች» የሚለው ላይ እስኪደርስ ድረስ ወደ ሃያ የሚጠጋ ቃል ስለማን እንደሚወራ ሳያውቅ ይሸከማል። ከዚያም ቀኑን፣ ሰነዱንና ቢሮውን ደራርቦ ይዞ ምን አድርግ እንደተባለ ይጠብቃል። ማስታወቂያው በሞንታርቦ ከተነበበ ወይም ልጅ ለአያቷ ካነበበችው ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት እንኳን አይቻልም።

ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረው ግሥ «እናስታውቃለን» ነው። ይህ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ እንጂ የነዋሪው አይደለም። ነዋሪው ማድረግ ያለበት «መመዝገብ» ነው፤ እሱም «እንድትመዘገቡ እያሳሰብን» ተብሎ መሐል ላይ ተቀብሯል። ስለዚህ ማሳጠር የሚጀመረው ከነጠላ ሰረዝ ቆረጣ አይደለም። መጀመሪያ የነዋሪውን ግሥ ፈልጎ ማውጣትና በራሱ አራት ነጥብ ማቆም ያስፈልጋል፦ «በቀጠና 3 ይዞታ ያላችሁ ተመዝገቡ።»

አንዳንድ ጸሐፊ «ተመዝገቡ» ማለት ድፍረት ይመስለዋል። ግን ነዋሪው በብዙ ቁጥር ነው የተጠራው፤ ክብሩም አልተነካም። የሚከብድ ከሆነ «መመዝገብ አለባችሁ» ማለት ይቻላል። ሁለቱም «እንድትመዘገቡ እናሳስባለን» ከሚለው የበለጠ ግልጽ ናቸው።

ግሡ ከወጣ በኋላ የቀረው በየጥያቄው ይደለደላል፦ ማን? እስከ መቼ? የት? ምን ይዞ? ካልቻለስ? ካልመጣስ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ያላችሁ»፣ «ባይኖራችሁም»፣ «ይዛችሁ»፣ «በመቅረብ» የሚሉት ማያያዣዎች ዓረፍተ ነገሩ የሚፈታባቸው ቦታዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው በውስጣቸው አንድ ሙሉ ሐሳብ ይዘዋል።

ጠንቀቅ የሚያሰኘው «ወይም» ነው። «የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያላችሁ ተመዝገቡ» ብለን ብንቆርጠውና ሌላውን ሰነድ ሦስት መስመር ዝቅ ብናደርገው፣ ካርታ የሌላቸው እማማ የመጀመሪያውን መስመር ሰምተው «እኔን አይመለከትም» ብለው ይመለሳሉ። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ይቆያሉ፦ «ካርታ ያላችሁም የሌላችሁም ተመዝገቡ። ካርታ ከሌላችሁ ይዞታውን በሕጋዊ መንገድ ማግኘታችሁን የሚያስረዳ ሌላ ሰነድ አምጡ።» ሁኔታና ውጤቱ ሊለያዩ አይገባም፤ ሲለያዩ ትርጉሙ ይዛባል።

ቀጥሎ «እስከ መቼ?» ስንል ረጅሙ ዓረፍተ ነገር የደበቀው ብቅ ይላል። «15 ተከታታይ የሥራ ቀናት» መቼ ያልቃል? መስከረም 26 ቀን 2018 ሰኞ ነው። ከዚያው ቀን ጀምረን ከሰኞ እስከ ዓርብ ብንቆጥር ዓርብ ጥቅምት 14 ላይ እንደርሳለን። ቆጠራው ከማግስቱ ይጀምራል ካልን ሰኞ ጥቅምት 17 ይሆናል። ቅዳሜን የሥራ ቀን ያደረገ ሰው ረቡዕ ጥቅምት 12 ያልቃል ይላል። «ተከታታይ» የሚለውን ይዞ እሑድንም የቆጠረ ደግሞ ጥቅምት 10 ላይ አበቃ ይላል። አንዱ ሐረግ አራት የመጨረሻ ቀን አለው። አጭሩ ዓረፍተ ነገር ግን ምርጫውን ለጽሕፈት ቤቱ ይመልስለታል፦ «የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።» ዕለቱ ከቀኑ ጋር መጻፉ ለነዋሪውም ለጸሐፊውም ማረጋገጫ ነው።

ወኪሉም እንደዚሁ ነው። ወንድሟ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለና ቤቱን በውክልና የምትጠብቅለት እህት «የታደሰ መታወቂያ» የሚለውን ስታነብ የማንን ልያዝ ትላለች፤ የእሷን ወይስ የእሱን? ከረጅሙ ዓረፍተ ነገር መልስ አይገኝም። «ካልመጣስ?» ለሚለውም «ኃላፊነት አንወስድም» መልስ አይሆንም። ሌላ ዙር አለ? ወይስ ነዋሪው በሌላ መንገድ ማመልከት አለበት? እነዚህን አሳጣሪው ከራሱ መሙላት የለበትም። ወደ ኃላፊው ሄዶ ይጠይቃል። ኃላፊው «የሁለቱም መታወቂያ ይቅረብ፤ ያለፈው ሰው ሁለተኛውን ዙር ይጠብቃል» አለ እንበል። ማስታወቂያው እንዲህ ይሆናል፦

«የይዞታ ምዝገባ፣ ለቀጠና 3
በቀጠና 3 ይዞታ ያላችሁ ተመዝገቡ።
ካርታ ያላችሁም የሌላችሁም ተመዝገቡ። ካርታ ከሌላችሁ ይዞታውን በሕጋዊ መንገድ ማግኘታችሁን የሚያስረዳ ሌላ ሰነድ አምጡ።
የመጨረሻው ቀን ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።
ቦታው የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ቢሮ ቁጥር 7 ነው።
የይዞታ ሰነዳችሁን ዋናውንና ኮፒውን፣ እንዲሁም የታደሰ መታወቂያ ይዛችሁ ኑ።
ራሳችሁ መምጣት ካልቻላችሁ ሕጋዊ ወኪላችሁን ላኩ። ወኪሉ የውክልና ሰነዱን፣ የራሱንና የባለይዞታውን መታወቂያ፣ የይዞታ ሰነዱንም ያቅርብ።
ከጥቅምት 14 በኋላ የሚመጣ ሰው ሁለተኛውን ዙር ይጠብቃል።»

ይህ ከመጀመሪያው ብዙም አላጠረም። የተለወጠው አንባቢው በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ነው፤ በእያንዳንዱ አራት ነጥብ ያራግፋል። «ይዛችሁ ኑ» እንደ ነበረ መቆየቱንም ልብ ይሏል። አንድ አጭር ማያያዣ ማንንም አያደክምም። ሁሉንም መበጣጠስ ማስታወቂያውን እንደ ቴሌግራም ያደርቀዋል፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድም ይጠፋል። ዘዴው የማይሠራበትም ቦታ አለ። የአዋጅና የመመሪያ አንቀጽ በማስታወቂያ ጸሐፊ እጅ አይቆረጥም። ቁጥሩ ከታች ይጠቀሳል፣ ሙሉው ጽሑፍም ለብቻው ይለጠፋል።

ከመለጠፉ በፊት ለአንድ የሰፈር ሰው ጮክ ብሎ ማንበብ ይበጃል። ሲያበቁ ግን «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል። ይልቅ «የእርስዎ ቤት ካርታ የለውም እንበል፤ ምን ይዘው ይሄዳሉ? እስከ ስንት ቀን?» ይባል። መልሱ ከተሳሳተ መታረም ያለበት ሰሚው አይደለም፣ ዓረፍተ ነገሩ ነው። የዘንድሮ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ካምናው ፋይል እየተገለበጠ ስለሚጻፍም፣ የተስተካከለው ጽሑፍ በአሮጌው ፋይል ቦታ ይቀመጥ። ያለዚያ የሚቀጥለው ጸሐፊ የድሮውን ዓረፍተ ነገር ከፍቶ ቀኑን ብቻ ቀይሮ ይለጥፈዋል።