ቤቱን ራሴ ሸጬ ኮሚሽን ለምን እከፍላለሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚሸጥ ሰው ለሚያውቃቸው ደላሎች ሁሉ ይነግራል። ገዢ ያመጣው ኮሚሽኑን ይወስዳል፤ የቀሩት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ያገራችን ሰው ቤቱን መሸጥ ሲያስብ ይህንኑ ልማድ ይዞ ኤጀንቱ ፊት ይቀመጣል። የሚቀርብለት ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ለአንድ ኤጀንት ብቻ የሚሰጥ፣ «ኤክስክሉሲቭ» የሚባለው ውል።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። ቤቱ 500,000 ዶላር ያወጣል፣ የሻጩ ኤጀንት ኮሚሽን 2.5 በመቶ ነው እንበል፤ 12,500 ዶላር ማለት ነው። ውሉ በተፈረመ በሦስተኛው ሳምንት የባለቤቱ የአክስት ልጅ «እኔው ልግዛው» ብሎ ይመጣል። ኤጀንቱ ሰውየውን አያውቀውም። ውሉ «የመሸጥ ሙሉ መብት» የሚሰጥ ከሆነ 12,500 ዶላሩ ይከፈላል፤ ገዢውን ማን አመጣው የሚለው ጥያቄ አይነሳም። «ክፍት ውል» ቢሆን ኖሮ ለኤጀንቱ የሚከፈል ነገር አይኖርም ነበር። በሁለቱ መካከል ሌላም አለ፦ ኤጀንቱ አንድ ብቻ ሆኖ፣ ባለቤቱ ራሱ ገዢ ካገኘ ግን ኮሚሽን የማይከፍልበት። ወረቀቶቹ ስለሚመሳሰሉ ስማቸውን ብቻ አይቶ መፈረም አደጋ አለው።

ታዲያ ክፍት ውል ለምን አይመረጥም? ኤጀንቶች የሚሸጡ ቤቶችን የሚለዋወጡበት ኤምኤልኤስ የሚባለው መዝገብ ክፍት ውልን በአብዛኛው አይቀበልም። እዚያ ያልገባ ቤት ደግሞ ከብዙ ገዢዎች ዓይን ይሰወራል። ነገ ሌላው ሊቀድመው እንደሚችል የሚያውቅ ኤጀንትም ለፎቶግራፍና ለማስታወቂያ ከኪሱ ለማውጣት ያመነታል፤ እኔም ብሆን አመነታለሁ። ሌላው ጣጣ ደግሞ አንዱ ቤቱን አሳይቶ ሌላው ዋጋ ሲያስማማ ነው፤ ያኔ ሁለቱም «ገዢው የኔ ነው» ይላሉ፣ ጭቅጭቁም ባለቤቱ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ሙሉ መብት የሚሰጠውን ውል መፈረም ክፋት የለውም፤ ነገር ግን የአክስት ልጅን ስም ከፊርማው በፊት ማስጻፍ ያስፈልጋል። «እነዚህ ሰዎች ከገዙ ኮሚሽን አይከፈልም» የሚል አንቀጽ ማስገባት የተለመደ ጥያቄ ነው። ብዙ ኤጀንቶችም ቀን ገድበው ይስማሙበታል።

የሚረሳው ውሉ ካበቃ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ውሉ ሰኔ 30 ቢያልቅና 60 ቀን የጥበቃ ጊዜ ቢኖረው፣ በሰኔ ቤቱን የጎበኘ ሰው ሐምሌ 20 ቢገዛ ኤጀንቱ ኮሚሽኑን መጠየቅ ይችላል። ባለቤቱ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይደራደር፦ ቀኑ እንዲያጥርና ኤጀንቱ የጎብኚዎቹን ስም ውሉ ባለቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲሰጠው። ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎችን በተመለከተ ኤጀንቱ በኋላ የሚጠይቀው ኮሚሽን እንዳይኖርም አብሮ ይጻፍ።