ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ ቦንድ ሲገዛ ገንዘቡ የት ደረሰ?

እ.ኤ.አ. በማርች 2009 የብሪታንያ ማዕከላዊ ባንክ፣ ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ፣ የወለድ ምጣኔውን ወደ 0.5 በመቶ አወረደ። ከዚህ ወዲያ ብዙ መቀነስ አልቻለም፤ ኢኮኖሚው ግን ገና እያሽቆለቆለ ነበር። በዚያው ቀን 75 ቢሊዮን ፓውንድ ፈጥሮ ቦንድ፣ በተለይም የመንግሥት ቦንድ፣ ሊገዛበት መወሰኑን አስታወቀ። ኳንቲቴቲቭ ኢዚንግ የሚባለው ይህ ነው። ብዙዎች «ገንዘብ ማተም» ይሉታል፤ ለግዢው የታተመ የወረቀት ገንዘብ ግን የለም። ሁሉም ያለቀው በሂሳብ መዝገብ ላይ ነው።

አንድ የጡረታ ፈንድ 100 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ቦንድ ሸጠ እንበል። ማዕከላዊ ባንኩ ቦንዱን ይረከብና፣ የፈንዱ ንግድ ባንክ እሱ ዘንድ ባለው የመጠባበቂያ ሂሳብ ላይ 100 ሚሊዮን ይጨምራል። ንግድ ባንኩም በፈንዱ ተቀማጭ ላይ ያንኑ ያህል ይመዘግባል።

ፈንዱ ታዲያ ወለዱ ከቁጥር የማይገባ ተቀማጭ ታቅፎ መቀመጥ አይፈልግም። በገንዘቡ የኩባንያ ቦንድ ወይም አክሲዮን ይገዛል። ሌሎች ሻጮችም እንዲሁ ሲያደርጉ ዋጋው ይወጣል። በዓመት 5 ፓውንድ የሚከፍል ቦንድ በ100 ፓውንድ ሲገዛ ገቢው 5 በመቶ ነው፤ ዋጋው 125 ከደረሰ ያው 5 ፓውንድ 4 በመቶ ብቻ ይሆናል። የቦንድ ዋጋ ሲወጣ የረጅም ጊዜ ወለድ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ዙር ግዢ 200 ቢሊዮን ፓውንድ ሲደርስ፣ የባንኩ ተመራማሪዎች የመንግሥት ቦንድ ወለድ በ1 በመቶ ነጥብ ገደማ መውረዱን ገምተዋል።

ጥቅሙ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ባንኩ ራሱ በ2012 ባወጣው ጥናት፣ ከጡረታ ቁጠባ ውጭ ካለው የቤተሰቦች የፋይናንስ ሀብት 40 በመቶ ያህሉ በ5 በመቶዎቹ ባለጸጎች እጅ ነበር። አክሲዮንም ቦንድም የሌለው ሰው ከዋጋው መውጣት በቀጥታ ያገኘው ነገር የለም።

በብድር በኩልስ? ብዙ ሰው ባንኮቹ የደረሳቸውን መጠባበቂያ አውጥተው የሚያበድሩት ይመስለዋል። መጠባበቂያ ግን ባንኮች እርስ በርስ የሚከፋፈሉበት ገንዘብ እንጂ ለደንበኛ የሚሰጥ አይደለም። ባንክ የሚያበድረው ኪሳራ የሚሸከም በቂ ካፒታልና መክፈል የሚችል ተበዳሪ ሲኖረው ነው። በ2009 ሁለቱም ጎድለው ነበር። እንዲያውም ትልልቅ ኩባንያዎች በረከሰው ወለድ ቦንድ እየሸጡ የባንክ ዕዳቸውን ከፈሉ። ቦንድ መሸጥ የማይችለው ትንሽ ነጋዴ ግን ያው ባንክ ደጅ ቀረ።

ስለዚህም በ2012 ባንኩና የገንዘብ ሚኒስቴሩ ሌላ ዕቅድ አወጡ፤ ብዙ የሚያበድር ባንክ በርካሽ ገንዘብ እንዲያገኝ የሚያደርግ። ቦንድ መግዛት ወለድን አውርዷል፤ ለትንሹ ነጋዴ ብድር ማድረስ ግን በእሱ ብቻ የሚሆን አልነበረም።