ታክሲ ተበላሽቶ ሲረፈድ ለአለቃ የሚጻፍ አጭር መልእክት

ሠራተኛው የተሳፈረበት መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ለአለቃው የሚልከው አጭር መልእክት ዋና ተግባሩ ይቅርታ መጠየቅ አይደለም። አለቃው ሠራተኛው እስኪደርስ ድረስ ሥራውን በማን እንደሚያሸፍን፣ ባለጉዳይ ካለም ምን እንደሚለው እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ምን እንደተበላሸና የት እንደቆመ፣ ሠራተኛው በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ እሱ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሥራ ካለ ደግሞ በማን እንደሚያዝ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አለቃው መልሶ መደወል ግድ ይሆንበታል። ከእነዚህ ያለፈ ዝርዝር ደግሞ ቢሮ ከተገባ በኋላ ሊነገር የሚችል ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይቀላል። በአዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት እንበል። ቤቷ አያት ነው። ክሊኒኩ ከጠዋቱ 2፡30 ይከፈታል፤ ታካሚዎች ግን ከዚያ በፊት መጥተው ወረፋ ይይዛሉ። ካርድ ሳይወጣ ማንም ሐኪም ዘንድ ስለማይገባ የእሷ መዘግየት ከበር ጀምሮ ሁሉንም ያስቆማል። የተሳፈረችበት ሚኒባስ 1፡55 ላይ ጉርድ ሾላ ሲደርስ ውኃው ፈልቶ ከፊት ለፊት ይጨስ ጀመር። ሾፌሩ ዳር ያዘ፤ ረዳቱ የሰበሰበውን ሒሳብ እየመለሰ ተሳፋሪውን አወረደ። በዚያ ሰዓት ከአያት በኩል የሚመጣው ታክሲ ሁሉ ሞልቶ ነው የሚያልፈው።

መልእክቱ መጻፍ ያለበት እዚያው፣ ከታክሲው እንደተወረደ ነው። ብዙ ሰው ሌላ መኪና እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ «ምናልባት እደርስ ይሆናል» የሚል ተስፋ ስላለው መልእክቱን የሚልከው የሥራ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መልእክቱ ዋጋውን አጥቷል፤ አለቃው ባዶውን ወንበር በዓይኑ አይቶ፣ ታካሚውም አጉረምርሞ አብቅቷል። 1፡55 ላይ የተላከ መልእክት ግን ለአለቃው የ35 ደቂቃ ፋታ ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከፋርማሲ ወይም ከእንግዳ መቀበያ አንድ ሰው ወደ ካርድ ክፍሉ ማዛወር ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው የመድረሻ ሰዓቱን ማስላት ነው፤ አብዛኛው መልእክትም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «መንገድ ላይ ነኝ»፣ «እየደረስኩ ነው»፣ «አሥር ደቂቃ» የሚሉት ሐረጎች ከአፍ የሚወጡት በስሌት ሳይሆን በልማድ ነው። አለቃውም ይህን ስለሚያውቅ አያምናቸውም። ትክክለኛው ስሌት ሦስት ጊዜዎችን ይደምራል፦ ሌላ መኪና እስኪገኝ የሚፈጀውን፣ የቀረውን ጉዞ፣ ከመውረጃው እስከ ሥራ ቦታው ያለውን የእግር መንገድ። በምሳሌያችን ሌላ ታክሲ ለማግኘት 20 ደቂቃ ቢወስድ፣ መገናኛ ላይ መቀየሩን ጨምሮ በጠዋቱ መጨናነቅ እስከ ሜክሲኮ 40 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ከሜክሲኮ ክሊኒኩ ደግሞ በእግር 5 ደቂቃ ቢሆን ድምሩ 65 ደቂቃ ይመጣል። 1፡55 ላይ 65 ደቂቃ ሲጨመር ልክ 3፡00 ይሆናል። በዚህ ላይ 10 ደቂቃ መጠባበቂያ ማከል ይገባል፤ ስለዚህ በመልእክቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት 3፡10 ነው።

40 ደቂቃ መዘግየትን በጽሑፍ ማመን ስለሚያሳፍር ሠራተኛዋ «2፡45 እገባለሁ» ለማለት ትፈተናለች። ይህ ግን ጉዳቱን በእጥፍ ያሳድገዋል። አለቃው 2፡45ን አምኖ ምትክ ሳይመድብ ይቀራል፤ ታካሚዎቹም «አሁን ትመጣለች» እየተባሉ ይቀመጣሉ። 2፡45 ሲሆን እሷ ገና መንገድ ላይ ናት። 3፡10 ብላ 3፡02 ብትገባ ግን የሚጎዳ ሰው የለም። ስለ ደቂቃ ብዛት ከመጻፍ ይልቅ የሚገቡበትን ሰዓት መጻፍም ይሻላል። «40 ደቂቃ እዘገያለሁ» የሚል መልእክት ከሩብ ሰዓት በኋላ ቢነበብ፣ 40ው ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ግራ ያጋባል።

የሰዓት አጻጻፍ ሌላም ወጥመድ አለው። የብዙ ሰው ስልክ የሚያሳየው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ መልእክቱ ከላዩ 7:55 የሚል ማኅተም ይዞ ሲደርስ በውስጡ ያለው ደግሞ 3፡10 ነው። አለቃው ሐበሻ ከሆነ ይህ አያደናግረውም። ከውጭ የመጣ ኃላፊ ግን 3፡10ን ከቀትር በኋላ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ወይም በውጭ ኩባንያዎች የሚሠራ ሰው ሁለቱንም፣ «ጠዋት 3፡10 (9:10)» ብሎ ቢጽፍ ነገሩ በአንድ ጊዜ ያልቃል።

ምክንያቱን በተመለከተ «የትራንስፖርት ችግር ገጥሞኝ» የሚለው አገላለጽ በጣም ሰፊ ነው። ወረፋ መርዘሙንም፣ ዘግይቶ ከቤት መውጣትንም፣ እውነተኛ ብልሽትንም እኩል ይሸፍናል፤ ስለዚህም ለአለቃው ምንም አይነግረውም። «ታክሲው ጉርድ ሾላ ተበላሽቶ» ሲባል ግን የቦታው ስም ብዙ ሥራ ይሠራል። ከተማውን የሚያውቅ ሰው ከጉርድ ሾላ እስከ ሜክሲኮ ያለውን መንገድ በሐሳቡ ለክቶ 3፡10 ምክንያታዊ ሰዓት መሆኑን ወዲያው ይረዳል። የመኪናው ብልሽት ምን እንደሆነ፣ ረዳቱ ምን እንዳለ፣ ከሾፌሩ ጋር የተደረገው ጭቅጭቅ መልእክቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። የተበላሸውን መኪና ፎቶ አንስቶ መላክም፣ አለቃው ካልጠየቀ በቀር፣ ሠራተኛው ራሱ እንደማይታመን አስቀድሞ የተቀበለ ያስመስለዋል።

የምሳሌዋ መልእክት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እንደምን አደሩ ዶክተር። ታክሲው ጉርድ ሾላ ተበላሽቶ ሌላ እየጠበቅኩ ነው። 3፡10 እደርሳለሁ። ይቅርታ።»

ሰላምታው አጭር ነው፤ አክብሮቱም «አደሩ» በሚለው ላይ አለ። አለቃውን ሁልጊዜ በምትጠራበት መጠሪያ መጥራቷም በቂ ነው። ይቅርታው አንድ ቃል ሆኖ መጨረሻ ላይ ገብቷል፤ መጀመሪያ ላይ ቢደረደር ዋናውን ነገር ወደ ታች ይገፋዋል፣ ብዙ ስልኮች ደግሞ ሳይከፈቱ የሚያሳዩት የመልእክቱን መነሻ ብቻ ነው። ርዝመቱም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ የስልክ አጭር መልእክት እስከ 160 ሆሄ ሲይዝ፣ በአማርኛ ፊደል የሚጻፈው ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ባዶ ቦታና ነጥብም ይቆጠራሉ። ይህ መልእክት ባዶ ቦታውን ጨምሮ 66 ስለሆነ በአንድ ይሄዳል። ከ70 ሲያልፍ ስልኩ ለሁለት ከፍሎ ይልከዋል፤ የሚከፈለውም የሁለት መልእክት ዋጋ ነው።

በምሳሌያችን ግን ለሁለት መከፈሉ ተገቢ ነው፤ የካርድ ክፍሉ ሥራ መያዝ አለበትና። ከይቅርታው በፊት «የካርድ ክፍሉ ቁልፍ ጥበቃ ጋር አለ፤ እስክደርስ ከፋርማሲ አንድ ሰው ቢቀመጥልኝ» የሚል ይጨመራል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከይቅርታ ሁሉ ይበልጣል። አለቃው ቁልፉን ለመፈለግ አይባክንም፤ ማን ሊተካት እንደሚችልም ተጠቁሟል። «ቢቀመጥልኝ» የሚለው አነጋገርም ውሳኔውን ለአለቃው ይተወዋል እንጂ አያዝዘውም። በአንጻሩ ሰው የማይጠብቀው፣ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን ክፍል ሊተወው ይችላል።

መልእክቱ የሚላክበት መንገድም መታሰብ አለበት። ቴሌግራም ርካሽና የተለመደ ነው፤ አንዱ ምልክት መላኩን፣ ሁለቱ ደግሞ መነበቡን ያሳያሉ። ዳታ ከተቋረጠ ወይም አለቃው መኪና እየነዳ ኢንተርኔት ካልከፈተ ግን መልእክቱ ሳይነበብ ይቀራል። ተራው የስልክ መልእክት ያለ ኢንተርኔት ይደርሳል፤ መነበቡን ግን አያሳይም። ስለዚህ በ10 ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ መደወል ያስፈልጋል፤ አለቃው ባያነሳ ቦታውን ሊይዝ ለሚችለው ባልደረባ ይደወላል። በሠራተኞች የጋራ ግሩፕ ላይ ብቻ ጽፎ መተው ግን አይበቃም። እዚያ የሚጻፈው ለሁሉም ስለሆነ ማንም እንደ ራሱ ጉዳይ አያየውም።

ስሌቱ ከተዛባ ሁለተኛ መልእክት ይላካል፤ የሚላከውም የተነገረው ሰዓት ከማለፉ በፊት ነው። በተለይ ባቡር ላይ ይህ ያጋጥማል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በሐዲድ ላይ ስለሚሄድ፣ አንዱ ሲቆም ከኋላው ያለው ዞሮ ሊያልፈው አይችልም። መቼ እንደሚነሳም ተሳፋሪው አያውቅም። እንዲህ ባለ ጊዜ ያልታወቀን ሰዓት ፈጥሮ ከመጻፍ «ባቡሩ ቆሟል፤ 2፡10 ድረስ ካልተነሳ ወርጄ ታክሲ እይዛለሁ፣ ያን ጊዜ ሰዓቱን አሳውቃለሁ» ማለት ይሻላል። አለቃው ቢያንስ ቀጣዩ ዜና መቼ እንደሚመጣ ያውቃል።

ከተገባ በኋላም መልእክቱን ማጥፋት አይገባም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ የሥራ ሰዓት ያላከበረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሥራ ሊሰናበት ይችላል። ከዚህ የሚያድነው የመዘግየቱ ምክንያት በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያለው ሲሆን ነው። ስለዚህ ሠራተኛው የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ስለ ትራንስፖርት ብልሽት ምን እንደሚል አስቀድሞ አንብቦ ማወቅ አለበት። መልእክቱ ብቻውን መዘግየቱን አያስምርም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና ምክንያቱ ግን በዕለቱ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ከወራት በኋላ ክርክር ቢነሳ ከትዝታ የተሻለ ማስረጃ ይሆናሉ።