ስልኩ የውሃ ጠብታ ሲያሳይ

ገመዱን ሲሰኩት ስልኩ መሙላቱን እምቢ ይልና በስክሪኑ ላይ የውሃ ጠብታ ምልክት ያወጣል። አይፎን ከሆነ «Liquid Detected» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ጅዳ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ማስጠንቀቂያ የሚዳርግ ነገር ሞልቷል፤ የኮርኒሹ ማዕበል አለ፣ የውዱእ ውሃ አለ፣ ወገብ ላይ ወይም ኪስ ውስጥ ላብ የጠጣ ስልክ አለ። ከሁሉም አስቸጋሪው ግን የባሕሩ ውሃ ነው፤ ምክንያቱም ውሃው ከደረቀ በኋላም ችግሩ አይለቅም።

ስልኩ የሚለካው ውሃን ሳይሆን ኤሌክትሪክን ነው። በዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ውስጥ ተጠጋግተው የተደረደሩ 24 ጥቃቅን የብረት መገናኛዎች አሉ። ግንኙነት ሊኖራቸው በማይገባ መገናኛዎች መካከል ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መንገድ ከተገኘ ስልኩ ኃይሉን ይዘጋል። ይህን ያለ ምክንያት አያደርግም። እርጥብ ቀዳዳ ውስጥ ኃይል ሲገባ ብረቱ እየሟሟ ይበላል፤ መገናኛዎቹ ይጠቁራሉ ወይም አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ። ጨው ደግሞ ሥራውን ያፋጥነዋል፤ የቀይ ባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 40 ግራም ያህል ጨው ስላለው ከብዙ ባሕሮች ይበልጥ ጨዋማ ነው።

አንዲት እህት ማታ ኮርኒሽ ላይ ሳለች ማዕበል ስልኳን መታው እንበል። ጠረገችው፣ ቤቷ ስትደርስ ሰካችው፣ ማስጠንቀቂያው መጣ። ጠዋት ላይ ጠፍቶ ስልኩ በደንብ ሞላ። በማግስቱ ማታ በረንዳ ላይ ሆና ስትሰካው ግን እንደገና መጣ። አዲስ ውሃ አልነካውም። ውሃው ተኖ ጨው ቀዳዳው ውስጥ ቀርቷል፤ የጅዳ አየር ሲከብድ ያ ጨው ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ይህችው እህት ወደ መካ ብትሄድ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ምልክቱ ሊጠፋ ይችላል፤ ጨው ግን አብሯት ሄዷል።

ስለዚህ ምን ታድርግ? መጀመሪያ ገመዱን ከስልኩም ከቻርጀሩም ነቅላ ስልኩን ታጥፋ። ስልኩ ውሃ የሚቋቋም ተብሎ የተሠራ፣ ያልተሰነጠቀና ያልተከፈተ ከሆነ የባሕር ውሃ የነካውን ቦታ በንጹሕ የቧንቧ ውሃ በቀስታ ማለቅለቅ ይገባል፤ ጨውን የሚያወጣው ንጹሕ ውሃ እንጂ መጥረጊያ ጨርቅ አይደለም። ያረጀ ወይም ከዚህ በፊት የተጠገነ ስልክ ግን ውሃ መቋቋሙን ስለሚያጣ አይታጠብም፤ ወደ ጠጋኝ ቢወሰድ ይሻላል። ከዚያ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ ስልኩን በመዳፍ ላይ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ የቀረውን ጠብታ ያወጣል።

የማድረቂያው ቦታ ለጅዳ ሰው ልዩ ጉዳይ ነው። እርጥበት የሞላበት በረንዳ ጥሩ ቦታ አይደለም። ኤሲ የአየሩን እርጥበት ስለሚቀንስ ኤሲ ያለበት ክፍል ይመረጣል። ነገር ግን ስልኩ ነፋሱ ፊት ቀዝቅዞ ወዲያው ወደ ውጪው ሙቀት ከወጣ ላዩም ቀዳዳውም ጤዛ ይይዛል፤ ስለዚህ እዚያው ክፍል ውስጥ ይሰካ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ መሞከር ይቻላል፤ ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ብዙዎቻችን ወደ ሩዝ ከረጢት እንሮጣለን። ሩዝ ግን ጨው አያወጣም፤ ብናኙ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ሌላ ጣጣ ይጨምራል። ስቴኪኒ፣ ጥጥና መርፌ መገናኛዎቹን ያጣምማሉ ወይም ክራቸውን ትተው ይወጣሉ። የፀጉር ማድረቂያና የመኪና ዳሽቦርድ ፀሐይ ባትሪውን ይጎዳሉ፤ በተለይ በጅዳ በጋ ዳሽቦርድ ላይ ስልክ ማስቀመጥ በጭራሽ አይሞከር።

ስልኩ እስኪደርቅ ድረስ ኃይል ካስፈለገ ገመድ አልባ መሙያ ይሠራል፤ የስልኩ ጀርባ ደረቅ መሆን አለበት። ፓወር ባንክ ግን በገመድ ከተሰካ ከግድግዳው ቻርጀር አይለይም። አይፎን ላይ የሚታየው «Emergency Override» ማስጠንቀቂያውን አልፎ ይሞላል፤ ድንገተኛ ሕመም ሲገጥምና ስልክ መደወል ግድ ሲሆን ብቻ የሚነካ ነው። ዕለታዊ ልማድ ያደረገው ሰው መገናኛዎቹን በየቀኑ እያስበላ ነው።

አንድ ቀን ሙሉ ደርቆም ምልክቱ ካልጠፋ መጀመሪያ ሌላ ደረቅ ገመድ ይሞከር፤ አንዳንዴ ጨው የያዘው የገመዱ ጫፍ ነው። ከዚያ በሌላ ስልክ መብራት ቀዳዳውን ማየት ይገባል። የጠቆረ ወይም አረንጓዴ መገናኛ ከታየ ጠጋኙ መጀመሪያ ቀዳዳውን በአልኮል እንዲያጸዳው ይጠየቅ። ያ ካልሠራ መሰኪያው ይቀየራል፤ በብዙ ስልኮች መሰኪያው ያለው በትንሽ ለብቻው ባለች ሰሌዳ ላይ ስለሆነ ዋናውን ሰሌዳ መቀየር አያስፈልግም።