እውነት ወይስ ተረት? «ኢአርፒ ከገባ አርክቴክቸሩ አለቀ»

ኢአርፒ ለመግዛት በሚደረግ ስብሰባ ላይ ሦስት አባባሎች ተደጋግመው ይሰማሉ። ሦስቱም እውነት ይመስላሉ፤ ሦስቱም ብዙ ገንዘብ ያስወጣሉ።

ተረት 1፦ ኢአርፒ ከገዛን የድርጅቱ አርክቴክቸር አብሮ ይመጣል።

እውነቱ፦ ኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር አንድ ድርጅት እንዴትና በምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ንድፍ ነው፤ ከገበያ አይገዛም። ቶጋፍ የተባለው የታወቀ ማዕቀፍ ንድፉን በአራት እርከን ይከፍለዋል። ከላይ ያለው ቢዝነስ ነው፦ ማን ምን ይሠራል፣ ማንስ ያጸድቃል። ቀጥሎ ዳታ አለ፦ ስለ ዕቃው፣ ስለ ደንበኛውና ስለ አቅራቢው ምን ይመዘገባል፣ የተመዘገበውስ ምን ማለት ነው። ሦስተኛው አፕሊኬሽን ነው፦ በዳታው የሚሠሩት ፕሮግራሞች። ከታች ቴክኖሎጂ ይመጣል፦ ፕሮግራሞቹን የሚሸከሙት ሰርቨርና ኔትወርክ።

የኢአርፒ ቦታ ሦስተኛው እርከን ነው፤ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጎን የሚቀመጥ አንድ ትልቅ አፕሊኬሽን። ይሁን እንጂ ግዢን፣ መጋዘንንና ሒሳብን በአንድ ላይ ስለሚያስተሳስር፣ ሠሪዎቹ ስለ አሠራር አስቀድመው የወሰኑትን ይዞ ይገባል። መቀመጫው አፕሊኬሽን ላይ ቢሆንም እጁ ወደ ዳታውና ወደ ቢዝነሱ ይዘረጋል። ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው።

ተረት 2፦ ከአሠራራችን ጋር ካልገጠመ ሶፍትዌሩን እናስተካክለዋለን።

እውነቱ፦ ሊድል የተባለው የጀርመን የሱቅ ሰንሰለት በ2011 እ.ኤ.አ. አሮጌ ሲስተሞቹን በኤስኤፒ ለመተካት ሥራ ጀመረ። በ2018 ሥራውን አቋረጠው። በወቅቱ እንደተዘገበው የወጣው ገንዘብ 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ነው፦ ሊድል ክምችቱን የሚተምነው በመግዣ ዋጋ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ የተሠራው በመሸጫ ዋጋ ለሚተምን ነጋዴ ነበር።

ልዩነቱን በስኳር እንየው። አንድ ነጋዴ 100 ኩንታል፣ እያንዳንዱን በ5,000 ብር ገዝቶ በ6,000 ብር ሊሸጥ መጋዘን አስገባ። በመግዣ ዋጋ ክምችቱ 500,000 ብር ነው፤ በመሸጫ ዋጋ 600,000። ነገ የመሸጫ ዋጋውን ወደ 5,800 ቢያወርድ፣ የመጀመሪያው አሐዝ ንቅንቅ አይልም፤ ሁለተኛው በዚያው ቀን 580,000 ይሆናል። ሁለቱም ስሌቶች የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ነገር ግን የትርፍ ሪፖርቱ፣ የቆጠራ ልዩነቱና የቅናሽ ውሳኔው ሁሉ በተመረጠው ስሌት ላይ ስለሚቆሙ፣ አንዱን ለመቀየር ብዙ ፕሮግራም መንካት ግድ ይላል። የተነካው ሁሉ ደግሞ ሻጩ አዲስ ስሪት ባወጣ ቁጥር እንደገና መፈተሽ አለበት። ሊድል የራሱን ስሌት ሊተው አልፈለገም፤ ሶፍትዌሩን መለወጡም ውድ ሆነ። ጥያቄው የቢዝነስና የዳታ እርከን ጥያቄ ነበር፤ መልስ የተፈለገለት ግን አፕሊኬሽን ውስጥ ነው።

ተረት 3፦ ዳታው ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ይስተካከላል።

እውነቱ፦ ኢአርፒ የሚፈትሸው ቦታው መሞላቱንና ቁጥሩ ቁጥር መሆኑን ነው፤ የተጻፈው እውነት ስለመሆኑ አያውቅም። አንድ የታሸገ ውሃ በሁለት ኮድ ተመዘገበ እንበል፤ በአንዱ በካርቶን፣ በሌላው በጠርሙስ። መጋዘኑ 10 ካርቶን በመጀመሪያው ኮድ ያስገባል፤ ሽያጩ 30 ጠርሙስ ከሁለተኛው ይቀንሳል። የጠርሙሱ ክምችት ከዜሮ በታች 30 ይሆናል፤ ካርቶኑ 10 ላይ ይቆማል። ሲስተሙም ውሃ አለቀ ብሎ፣ መጋዘን ሞልቶ ሳለ አዲስ የግዢ ጥያቄ ያወጣል። ሰርቨር ቢጨመር ስሕተቱ ቶሎ ይታይ እንደሆነ እንጂ አይታረምም።

ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው፦ ከዜሮ በታች የወረደ ክምችትና ወራት ሙሉ የማይንቀሳቀስ ክምችት ጎን ለጎን ሲገኙ፣ መመርመር ያለበት የዕቃ መዝገቡ ነው።

ታዲያ ከውሉ በፊት ምን ይደረግ?

አንድ ዕቃ መርጣችሁ ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። ግዢውን ማን ያጸድቃል? ኮዱ ስንት ነው፣ መለኪያው ምንድን ነው፣ ዋጋው በምን ይተመናል? መጀመሪያ የሚመዘገበው በየትኛው ፕሮግራም ነው? ያ ፕሮግራም የት ላይ ይሠራል፣ መብራት ሲጠፋስ? መልሶቹን በአንድ ገጽ ጻፉና ሻጩ የእናንተኑ ዕቃ በሲስተሙ ውስጥ እንዲያሳልፈው ጠይቁ። መንገዳችሁ ከእሱ መንገድ የሚለያይበት ቦታ ያኔ ይታያል፤ አሠራሩን ወይም ሶፍትዌሩን ለመለወጥ መወሰን ያለበትም እዚያው፣ ከፊርማው በፊት ነው።