ከመውጫው ጃክ ጀርባ ያለችው መቶ ኦም

የአንድ ሚክሰር ክዳን ተፈቶ የመውጫ ጃኮቹ ጀርባ ሲታይ፣ ከቺፑ እስከ ጃኩ ባለው አጭር መንገድ ላይ ብዙውን ጊዜ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር ትገኛለች። ቀለበቶቿ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ወርቃማ አለ። 100 ኦም ማለት ነው። አንዳንድ ሠሪዎች 47 ወይም 75 ያደርጓታል። የምትመግበው ዕቃ የመግቢያ ሬዚስታንስ 10 ሺህ ኦም ገደማ ስለሆነ፣ ለጀማሪ ጠጋኝ ብትኖርም ባትኖርም ለውጥ የሌላት ትመስላለች። ስትቃጠል በቁራጭ ሽቦ የሚያገናኝ አለ። ራሱ የሚሠራውን ሰርኪዩት ሲነድፍም የሚዘላት አለ።

ለቡ ሙዚቃ ሰፈር ውስጥ ለሠርግና ለስብሰባ አዳራሾች ድምፅ የሚዘረጋ አንድ ባለሙያ አለ እንበል። ቲኤል072 በተባለው ስምንት እግር ቺፕ አነስተኛ ፕሪአምፕ ይሠራል። ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሜትር ኬብል ሲሞክረው ድምፁ ጥርት ያለ ነው። በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ከሚክሰሩ ጠረጴዛ እስከ መድረኩ አምፕሊፋየር 50 ሜትር ኬብል ይዘረጋል። ያን ጊዜ ድምፁ ሻካራ ይሆናል፤ ማንም ሳይናገር አምፕሊፋየሩ ይሞቃል። ኬብሉን ነቅሎ ቺፑን በሜትር ሲለካው ግን ምንም የለበትም። ቺፑን ቢለውጥም ያው ነው። ጥፋቱ የሚኖረው ኬብሉ ሲሰካ ብቻ ነው፤ ይህ ምልክት ብቻውን ምርመራውን ግማሽ መንገድ ያስኬደዋል።

ኬብል በሁለት ተርሚናል መካከል የተዘረጋ ሽቦ ብቻ አይደለም። መሀል ላይ ያለው ሽቦና ዙሪያውን የለበሰው መከላከያ መረብ በፕላስቲክ የተለያዩ ሁለት ብረቶች ናቸው፤ ካፓሲተር የሚባለውም ይኸው ነው። የተለመደ የድምፅ ኬብል በአንድ ሜትር 100 ፒኮፋራድ አካባቢ ይይዛል። 50 ሜትር ሲሆን 5 ናኖፋራድ ይደርሳል። ባለሙያው ሳያውቀው ከቺፑ መውጫ ወደ መሬት የ5 ናኖፋራድ ካፓሲተር በይዷል ማለት ነው።

ይህ ለምን ቺፑን እንደሚያስቸግረው ለመረዳት ኦፕ-አምፕ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ኦፕ-አምፕ በራሱ ልክ የማያውቅ፣ ጌይኑ እጅግ ትልቅ የሆነ አምፕሊፋየር ነው። ልክ የሚይዘው መውጫው ወደ መግቢያው ተመልሶ ሲነጻጸር ነው። መውጫው ከሚፈለገው ከበለጠ ይቀንሳል፤ ካነሰ ይጨምራል። ቁም ነገሩ እርማቱ በሰዓቱ መድረሱ ላይ ነው።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሞላ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ ሮቶው ላይ ወጥቶ ደረጃውን እያየ «ክፈት!» «ዝጋ!» ይላል፤ ሌላው ታች ቧንቧውን ይዟል። ጎማው አጭርና ወፍራም ከሆነ ችግር የለም። ጎማው ቀጭንና ረጅም ሲሆን ግን ውኃው ዘግይቶ ይደርሳል። ከላይ ያለው ሰው «ገና ነው» እያለ ያስከፍታል፤ ትርፉ ከኋላ ይመጣና ይፈስሳል። «ዝጋ» ሲል ደግሞ መልሶ ያጎድለዋል። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል እየሠሩ ደረጃው ከፍ ዝቅ ሲል ይውላል። በቺፑ ዘንድ ቀጭኑ ጎማ የራሱ የውስጥ የመውጫ ሬዚስታንስ ነው፤ ሮቶው ኬብሉ ነው።

መሐንዲሶች ይህን መዘግየት የሚለኩት በዲግሪ ነው። አንድ ሙሉ ንዝረት 360 ዲግሪ ሲሆን፣ ተመልሶ የሚመጣው እርማት 180 ዲግሪ ከዘገየ «ቀንስ» መባል የነበረበት «ጨምር» ይሆናል። አደገኛው ቦታ በዙሩ ላይ ያለው ጌይን ልክ 1 የሚሆንበት ድግግሞሽ ነው። እዚያ ላይ እስከ 180 ለመድረስ የቀረው ዲግሪ ፌዝ ማርጂን ይባላል። የቤል ላቦራቶሪው ሄንድሪክ ቦዴ ይህን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት ውስጥ አኑሮታል። ከ60 ዲግሪ በላይ ማርጂን ያለው ሰርኪዩት ሰላማዊ ነው። 45 ላይ መንገጫገጭ ይታያል። ዜሮ ላይ ሲደርስ አምፕሊፋየሩ ማንም ሳያናግረው የሚንዘረዘር ኦሲሌተር ይሆናል።

ቺፑ ገና ሲሠራ ግማሹ ዲግሪ ተበልቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 ፌርቻይልድ ያወጣው ዝነኛው 741 በውስጡ 30 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ነበረው፤ ይህም ድግግሞሹ ሲጨምር ጌይኑን በእርጋታ እያወረደ ለተጠቃሚው የመረጋጋቱን ሥራ አስቀድሞ ይጨርስለታል። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ቺፖች የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው። ዋጋው 90 ዲግሪ መዘግየት ነው። ሌሎች ትንንሽ መዘግየቶች ሲጨመሩ፣ ያለ ጭነት በእጅ የሚቀረው 60 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ኬብሉ የሚበላው ከዚህ ላይ ነው።

አሁን የባለሙያውን ፕሪአምፕ በቁጥር ማየት ይቻላል። የቲኤል072 ጌይን 1 የሚሆንበት ድግግሞሽ 3 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። የውስጥ መውጫ ሬዚስታንሱ ለስሌት 200 ኦም ይባል፤ መውጫው ሙሉ በሙሉ ወደ መግቢያው የሚመለስበት፣ ጌይኑ 1 የሆነ ሰርኪዩት ይሁን። ለካፓሲተር ጭነት ከሁሉ የሚብሰው ይህ አሠራር ነው። 200 ኦምና 5 ናኖፋራድ አዲስ መዘግየት የሚጀምሩበት ድግግሞሽ ከዚህ ቀመር ይገኛል፦

```
f = 1 / (2π × R × C)
  = 1 / (2π × 200 × 5e-9) ≈ 159 kHz
```

ከዚህ በላይ ጌይኑ በእጥፍ ፍጥነት ይወርድና 1 የሚሆነው 3 ሜጋኸርዝ ላይ መሆኑ ቀርቶ 680 ኪሎኸርዝ ላይ ይሆናል። እዚያ ላይ ኬብሉ ብቻውን ወደ 77 ዲግሪ ይጨምራል። ከመጀመሪያው 90ና ከቺፑ ሌሎች መዘግየቶች ጋር ሲደመር በእጅ የሚቀረው 6 ዲግሪ ብቻ ነው።

6 ዲግሪ ኦሲሎስኮፕ ላይ በደንብ ይታያል። መግቢያው ላይ 100 ሚሊቮልት ገደማ የሆነ፣ 1 ኪሎኸርዝ አራት ማዕዘን ሞገድ ሲገባ መውጫው ማዕዘኑን አልፎ ይወጣል፤ ከሚገባው በላይ 80 በመቶ ያህል ይዘልላል፤ ከዚያ እንደተመታ ክራር ጅማት እየተወዛወዘ ቀስ በቀስ ይበርዳል። የአንዱ ውዝዋዜ ርዝመት አንድ ተኩል ሚሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ሞገዱ ትንሽ መሆን አለበት፤ ትልቅ ከሆነ ቺፑ የፍጥነቱ ገደብ ላይ ይደርስና እውነቱን ይደብቃል። ፕሮቡም በ10 እጥፍ ማሳነሻው ላይ ይደረግ። በ1 እጥፍ ላይ ያለ ፕሮብ ራሱ የ100 ፒኮፋራድ ያህል ጭነት ይጨምርና ተመልካቹ በከፊል የሚያየው የራሱን ፕሮብ ይሆናል።

ጆሮ 680 ኪሎኸርዝ አይሰማም። የሚሰማው መዘዙ ነው። 6 ዲግሪ ብቻ የቀረው ሰርኪዩት በቺፖች መካከል ባለ ልዩነት ወይም በኬብሉ መርዘም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ንዝረቱ የማይቆም ሲሆን ቺፑን ይይዘዋል፤ የሚያስተላልፈው ድምፅ በላዩ ላይ ይሻክራል። አምፕሊፋየሩም የማይሰማውን ንዝረት አጉልቶ ወደ ስፒከር ለመላክ ሲታገል ይሞቃል።

መፍትሔው ያቺ 100 ኦም ናት፤ ቦታዋ ደግሞ ወሳኝ ነው። ቲኤል072 ላይ የመጀመሪያው አምፕሊፋየር መውጫ 1ኛው እግር ነው። ወደ መግቢያው የሚመለሰው መስመር በቀጥታ ከ1ኛው እግር ተነሥቶ ወደ 2ኛው ይሄዳል። ሬዚስተሯ የምትገባው ከዚያ በኋላ፣ በእግሩና በጃኩ መካከል ነው። በሮቶው ምሳሌ ተቆጣጣሪው ሮቶው ላይ መውጣቱን ትቶ ታች ቧንቧው አጠገብ ቆሞ ያያል። ሮቶው እንደ ፍጥነቱ ይሞላል፤ የቧንቧው ትእዛዝ ግን አይዘገይም።

በድግግሞሽ ቋንቋ ሲነገር፣ ኬብሉ ከፍ ባለ ድግግሞሽ ላይ ወደ መሬት የሚያጥር መንገድ ይሆናል። ሬዚስተሯ ካለች ግን ቺፑ ከ100 ኦም በታች የሆነ ጭነት አያይም። መዘግየቱ ቀደም ብሎ 106 ኪሎኸርዝ ላይ ይጀምራል፤ 318 ኪሎኸርዝ ሲደርስ ግን ሬዚስተሯ የተወሰደውን ዲግሪ መመለስ ትጀምራለች። ጌይኑ 1 የሚሆነው 1 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲሆን በዚያ ላይ አብዛኛው ተመልሷል። ማርጂኑ ከ6 ወደ 67 ዲግሪ ይወጣል። 22 ኦም ብትሆን ኖሮ 30 ዲግሪ ላይ ይቆም ነበር፤ 50 ኦም ደግሞ 51 ዲግሪ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጠንቃቃ የሆነ ሠሪ ጃኩ ላይ የሚወጣው ቮልቴጅ ትክክል እንዲሆን ብሎ የሚመለሰውን መስመር ከሬዚስተሯ በኋላ ይወስደዋል። ያን ጊዜ 100 ኦሟ ከውስጡ 200 ጋር ተደምራ ጎማውን የበለጠ ታቀጥነዋለች። ማርጂኑ ከ6 ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ያው ክፍል፣ ያው ዋጋ፣ የአንድ ሽቦ ቦታ ብቻ ተቀይሮ ውጤቱ ይገለበጣል።

ለድምፅ ሥራ የምታስከፍለው ዋጋ ቀላል ነው። 20 ኪሎኸርዝ ላይ የሚጠፋው ከሺህ ሁለት ያህል ነው፤ ጆሮ አይለየውም። 10 ሺህ ኦም መግቢያ ላይ ከድምፁ አንድ በመቶ ይቀንሳል። 600 ኦም የሆነ አሮጌ ዕቃ ቢሰካ ግን 14 በመቶ ይጠፋል። መለኪያ መሣሪያ ለሚሠራ ሰው አንዱ በመቶም ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት የመመለሻ መንገድ ይደረጋል፦ ቀርፋፋው ምልክት ከጭነቱ በሬዚስተር፣ ፈጣኑ ከቺፑ እግር በትንሽ ካፓሲተር ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን ቮልቴጁ ጭነቱ ላይ ትክክል ይሆናል፣ መረጋጋቱም አይጠፋም፤ ክፍያው ዝግታ ነው።

ባለሙያው ሬዚስተሯን ከበየደ በኋላ 50 ሜትር ኬብል እየተሸከመ መሞከር አያስፈልገውም። ጃኩ ላይ ከሲግናሉ ወደ መሬት 4.7 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር መሰካት ኬብሉን ይተካል። ብዙዎች እዚህ ላይ ያበቃሉ። ይሁን እንጂ ሬዚስተሯ ባለችበት ሰርኪዩት ላይ የሚያሳስበው ረጅሙ ኬብል አይደለም። 100 ሜትር ኬብል ማርጂኑን ወደ 73 ዲግሪ ያወጣዋል፤ 10 ሜትር፣ ማለትም 1 ናኖፋራድ ግን፣ 47 ላይ ያወርደዋል። ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ዲግሪ መመለስ የሚጀምረው 1.6 ሜጋኸርዝ ላይ ስለሆነ፣ ጌይኑ 1 ከሆነበት ቦታ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ከ4.7 ቀጥሎ 1 ናኖፋራድ ተሰክቶ ያው አራት ማዕዘን ሞገድ እንደገና መታየት አለበት፤ መዝለሉ ከፍ ያለ ሆኖ የሚገኘውም በዚህኛው ነው።