የኩላሊት ቅሬታ የሚባል በሽታ

በ2021 እ.ኤ.አ. ጊዮም ካባናክ፣ ሲሪል ላቤ እና አሌክሳንደር ማጋዚኖቭ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የታተሙ ሳይንሳዊ ጽሑፎችን ሲያገላብጡ ያገኟቸውን እንግዳ ሐረጎች ይፋ አደረጉ። በእንግሊዝኛ የተጻፉት ጽሑፎች የጡት ካንሰርን «የደረት አደጋ»፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን «የሐሰት ንቃተ ህሊና» ይሉ ነበር። የኩላሊት ሥራ ማቆምን «የኩላሊት ቅሬታ» ያለም ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ «የተሰቃዩ ሐረጎች» ብለው ሰየሟቸው።

ያሰቃያቸው የሌላን ሰው ጽሑፍ ወስዶ ቃላቱን በሌላ ቃል የሚተካ ሶፍትዌር ነው። በእንግሊዝኛ «ፌይለር» የሚለው ቃል ኩላሊት ሥራ ሲያቆምም፣ ሰው ያሰበው ሳይሳካለት ሲቀርም ያገለግላል። ሶፍትዌሩ ከቃሉ ዘመዶች አንዱን ሲመርጥ ሐኪሞች የተስማሙበትን የበሽታ ስም እንደ ተራ ቃል ቆጠረው። ጽሑፉን ወደ ሶፍትዌሩ ያስገቡት ሰዎች ፍላጎት ግልጽ ነው፤ መመሳሰልን የሚመረምረው ፕሮግራም እንዳይዛቸው ነው።

የዛሬዎቹ መሣሪያዎች እንዲህ ባለ ግልጽ ስሕተት እምብዛም አይያዙም። ዓረፍተ ነገሩ ይፈስሳል፣ ሰዋስዉ የተስተካከለ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝም ይሄ ነው፤ «የኩላሊት ቅሬታ»ን ማንም አንባቢ ይይዘዋል፣ ለስላሳውን ስሕተት ግን ማን ይይዘዋል?

አንዲት የጤና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን እንዳይላት ሰጥታኝ ነበር። ከአንድ ጥናት የወሰደችውን ሐሳብ በእንዲህ ያለ መሣሪያ አስለውጣዋለች። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ሲመለስ «የቅድመ ወሊድ ክትትል እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ ያደርጋል፤ ልዩነቱም እጅግ ሰፊ ነው» ይላል። የዋናው ጥናት ርዕስ በዋቢዎቹ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። «ቃላቱ እኮ በሙሉ ተለውጠዋል፤ የመመሳሰል መቶኛውም ወርዷል» አለችኝ።

ጥናቱን ስልኳ ላይ ከፍተን ጎን ለጎን አነበብነው። ዋናው ጽሑፍ ክትትል ማድረግና በጤና ተቋም መውለድ «ተያያዥነት አላቸው» እንጂ አንዱ ሌላውን «ያደርጋል» አይልም። መረጃው ከእናቶቹ የተሰበሰበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለጤና ጣቢያው ቅርብ የሆነች እናት ለክትትሉም ለወሊዱም መሄድ ይቀላታል፤ ሁለቱን ያያያዘው የቤቷ ቅርበት ሊሆን ይችላል። «እጅግ ሰፊ» የተባለው ደግሞ በእንግሊዝኛው «ሲግኒፊካንት» ነበር። በስታቲስቲክስ ይህ ቃል ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም ማለት ነው እንጂ ስለ መጠኑ አይናገርም። ትንሽ ልዩነትም ብዙ ሰው በተካተተበት ጥናት «ሲግኒፊካንት» ሊባል ይችላል። መሣሪያው የገበያውን ትርጉም ወስዶ የሙያውን ጣለው።

አሁን ምንጩን ስላለመጥቀሷ። መቶኛው የሚለካው የቃላትን መመሳሰል ነው። እናቶቹ ዘንድ ሄዶ የጠየቀው፣ መልሱን የመዘገበውና ያሰላው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ቃሉ አሥር ጊዜ ቢገለበጥ ድካሙ የእሷ አይሆንም። ይህ ተማሪዋ ራሷ በእጇ ብትጽፈውም ያው ነው። ቃላቱን የለወጠው ማሽን መሆኑ ሐሳቡን ባለቤት አልባ አያደርገውም። የሚጠቀሰውም መሣሪያው ሳይሆን ጥናቱን የሠራው ሰው ነው፤ መሣሪያ መጠቀሟን መግለጽ ካለባት ያ ለብቻው የሚነገር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ምንጩ ባይገኝ ኖሮ እኔና እሷ ስሕተቱን የምናይበት መንገድ አልነበረም። አንባቢ የተጠራጠረውን ዓረፍተ ነገር ወደ ምንጩ ሄዶ የሚያመሳክረው በዋቢው ነው። ነገር ግን ያንን የተዛባ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ትታ ስም ብቻ ብትጨምርበት ኖሮ ተመራማሪው ያላለውን አለ ማለት ይሆን ነበር። ስለዚህ ዋቢው ከመግባቱ በፊት ዓረፍተ ነገሩ መስተካከል ነበረበት።

ጥናቱን ደግማ አነበበች፣ ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠች፣ የገባትን በራሷ አባባል ጻፈች። ከዚያ ከምንጩ ጋር አስተያየችው፦ ቁጥሮቹን፣ «አይደለም» እና «ሊሆን ይችላል» የሚሉትን ቃላት፣ ጥናቱ ስለ የትኞቹ እናቶች እንደሆነ። አዲሱ ዓረፍተ ነገር «በጥናቱ በተካተቱት እናቶች ዘንድ ተያያዥነት ታይቷል፤ መንስኤውን ግን ጥናቱ አይለይም» የሚል ሆነ። ከመሣሪያው ይረዝማል። ከጎኑ የተመራማሪዎቹን ስምና ዓመቱን አስገባች፤ «ተያያዥነት» የሚለውን ቃል ግን ሌላ የሚተካው ስላላገኘች እንዳለ ተወችው።